የተገለበጠ ፔንዱለምን በሁኔታ ግብረ መልስ ማቆም፦ ስለ ፖል ምደባ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በሙሉ በአንድ ምሳሌ ላይ ይመለሳሉ። ምሳሌው በሐዲድ ላይ የሚንቀሳቀስ ጋሪና በላዩ በማጠፊያ የተያያዘ፣ ጫፉ ወደ ላይ የቆመ ፔንዱለም ነው። ቁጥሮቹ የተመረጡት ስሌቱ በእጅ ሊሠራ እንዲችል ስለሆነ አንባቢው ወረቀትና እርሳስ ይዞ ቢከታተል የተሻለ ይረዳዋል።

የምንነጋገርበት ሞዴል በትክክል የትኛው ነው?

የጋሪው መጠነ ቁስ M = 1 ኪሎ ግራም፣ በዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ኳስ m = 0.1 ኪሎ ግራም፣ የዘንጉ ርዝመት l = 0.5 ሜትር ነው። ዘንጉ ራሱ ክብደት እንደሌለው፣ ሰበቃም እንደሌለ እንወስዳለን። የስበት ሽምጠጣ g = 9.8 ነው። x ጋሪው ከሐዲዱ መሀል ወደ ቀኝ የራቀበት ርቀት ነው፤ θ ደግሞ ፔንዱለሙ ከቀጥታ አቋሙ ወደ ቀኝ ያዘነበለበት ዘዌ ሲሆን በራዲያን ይለካል። u ሞተሩ ጋሪውን ወደ ቀኝ የሚገፋበት ጉልበት ነው። የ x እና የ θ ፍጥነቶችን በቅደም ተከተል v እና ω እንበላቸው፤ አራቱ በአንድነት የሥርዓቱ ሁኔታ ይባላሉ።

እውነተኛዎቹ የእንቅስቃሴ እኩልታዎች ሳይንና ኮሳይን አለባቸው። ፔንዱለሙ ከቀጥታው አቋም ብዙ እስካልራቀ ድረስ ግን ሳይን θን በ θ፣ ኮሳይን θን በ 1 መተካትና የ ω ካሬ ያለበትን ቃል መተው ይቻላል። መስመራዊ ማድረግ የሚባለው ይህ ነው። ስሕተቱም ትንሽ ነው፦ በ0.2 ራዲያን፣ ማለትም በ11 ዲግሪ ገደማ፣ በ θ እና በሳይን θ መካከል ያለው ልዩነት ከ1 በመቶ በታች ነው። ቁጥሮቹ ሲገቡ የሚቀሩት ሁለት እኩልታዎች እነዚህ ናቸው፦

```
x'' = -0.98 θ + u
θ'' = 21.56 θ - 2 u
```

በሁለተኛው እኩልታ ውስጥ ያለውን የመቀነስ ምልክት ልብ ይሏል። ጋሪው ወደ ቀኝ ሲገፋ ፔንዱለሙ ወደ ግራ ይዘነብላል። በኋላ ላይ ለብዙዎች እንግዳ የሚሆነው ውጤት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ምልክት ነው።

ፖል ምንድን ነው? መቆጣጠሪያ ከሌለ ምን ይሆናል?

የአንድ መስመራዊ ሥርዓት እንቅስቃሴ በጊዜ ውስጥ የሚያድጉ፣ የሚከስሙ ወይም የሚወዛወዙ ክፍሎች ድምር ነው። እያንዳንዱ ክፍል በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያድግ ወይም እንደሚከስም የሚናገረው ቁጥር ፖል ይባላል። በሂሳብ አነጋገር የሥርዓቱን እኩልታዎች ቁጥሮች የያዘው የማትሪክስ A አይገን ዋጋ ነው። የፖሉ እውናዊ ክፍል አሉታዊ ከሆነ ያ እንቅስቃሴ ይከስማል፣ አዎንታዊ ከሆነ ያድጋል፤ ምናባዊ ክፍል ካለው ደግሞ ይወዛወዛል።

በእኛ ምሳሌ u ዜሮ ሲሆን ፖሎቹ 0፣ 0፣ +4.64 እና −4.64 ናቸው። 4.64 የ21.56 ካሬ ሥር ነው። አደገኛው +4.64 ነው፤ ትንሽዋን ማዘንበል በየ0.15 ሰከንዱ እጥፍ ያደርጋታል። ሁለቱ ዜሮዎች የጋሪው ናቸው፤ ማንም ካልያዘው ጋሪው በተሰጠው ፍጥነት ለዘላለም ይሄዳል ማለት ነው። ዘንጉ ባጠረ ቁጥር አደገኛው ፖል ይበልጥ ይፈጥናል፦ l በግማሽ ቀንሶ 0.25 ሜትር ቢሆን ፖሉ ወደ 6.57 ያድጋል። አጭር ፔንዱለም ከረጅሙ የበለጠ ለመቆጣጠር የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው።

ዓላማው ፔንዱለሙን ማቆም ከሆነ፣ ዘዌውንና የዘዌውን ፍጥነት ብቻ መልሶ መመገብ አይበቃም?

ፔንዱለሙ እንዳይወድቅ ለማድረግ ብቻ ይበቃል፤ ጋሪውን በሐዲዱ ላይ ለማቆየት ግን አይበቃም። አራቱን ማባዣዎች፣ ከ k1 እስከ k4 ያሉትን፣ በአንድነት K ብለን ስንጠራቸው የሁኔታ ግብረ መልስ ሕግ የሚከተለው ነው፦

```
u = -(k1 x + k2 v + k3 θ + k4 ω)
```

ይህን ወደ ሁለቱ እኩልታዎች አስገብተን ስናቀናብር አዲሶቹ ፖሎች የዚህ ፖሊኖሚያል ሥሮች ይሆናሉ፦

```
s^4 + (k2 - 2 k4) s^3 + (k1 - 2 k3 - 21.56) s^2 - 19.6 k2 s - 19.6 k1
```

k1 እና k2 ዜሮ ቢሆኑ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት ይጠፋሉ፤ በዚህም የተነሳ k3 እና k4 ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢመረጡ ሁለት ፖሎች ዜሮ ላይ ተቀምጠው ይቀራሉ። በሙከራ ላይ የሚታየው ምልክት ግልጽ ነው፦ ፔንዱለሙ በሚያስደስት ሁኔታ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጋሪው ቀስ እያለ ወደ አንድ ጎን ይንሸራተትና ከሐዲዱ ጫፍ ጋር ይጋጫል።

ፖሎቹን የት እናስቀምጥ? ማባዣዎቹስ እንዴት ይሰላሉ?

ሁለት ቀርፋፋ ፖሎች የእንቅስቃሴውን ጠባይ እንዲወስኑ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ ቶሎ እንዲከስሙ ማድረግ ጥሩ መነሻ ነው። እዚህ ቀርፋፋዎቹን −2 ± 2j፣ ፈጣኖቹን −5 እና −6 ላይ እናስቀምጣለን። የቀርፋፋዎቹ እውናዊ ክፍል −2 ስለሆነ እንቅስቃሴው በ2 ሰከንድ ገደማ ይረጋጋል ብለን እንጠብቃለን። እውናዊና ምናባዊ ክፍላቸው እኩል መሆኑ ደግሞ ውዝዋዜው ቶሎ እንዲበርድ ያደርጋል።

የምንፈልገው ፖሊኖሚያል እንግዲህ የሁለት ቅንፎች ብዜት ነው፦

```
(s^2 + 4s + 8)(s^2 + 11s + 30) = s^4 + 15 s^3 + 82 s^2 + 208 s + 240
```

ቀሪው ሥራ ኮፊሸንቶቹን አንድ በአንድ ማስተካከል ነው። ከመጨረሻው ብንጀምር ቀላል ይሆናል። −19.6 k1 = 240 ስለሆነ k1 = −12.24 ነው። −19.6 k2 = 208 ስለሆነ k2 = −10.61 ነው። ከዚያ k2 − 2 k4 = 15 የሚለው k4 = −12.81ን ይሰጣል። k1 − 2 k3 − 21.56 = 82 የሚለው ደግሞ k3 = −57.90ን ይሰጣል። አራት ያልታወቁ ቁጥሮች በአራት እኩልታ ተገኙ፤ መልሱም አንድና አንድ ብቻ ነው። ግቤቱ አንድ ብቻ በሆነበት ሥርዓት ፖሎቹ ከተመረጡ በኋላ ስለ K የሚቀር ምርጫ የለም።

እነዚህ እኩልታዎች ሁልጊዜ የሚፈቱት 19.6፣ ማለትም g/l፣ እና የ u አባዥ የሆነው 2 ዜሮ ስላልሆኑ ነው። ሥርዓቱ ሊቆጣጠሩት የሚቻል ነው የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው። ተቃራኒውን ለማየት በአንድ ጋሪ ላይ ርዝመታቸው ፍጹም እኩል የሆኑ ሁለት ፔንዱለሞች ጎን ለጎን ቢቆሙ ብለን እናስብ። ጋሪው ሁለቱንም እኩል ስለሚያንቀሳቅሳቸው በዘዌዎቻቸው መካከል ያለውን ልዩነት በምንም መንገድ ሊነካው አይችልም፤ ስለዚህም የትኛውም K ያንን ፖል ከቦታው አያነቃንቀውም። ርዝመታቸው ከተለያየ ግን ቢያንስ በሂሳብ ደረጃ ይቻላል።

የ k1 ምልክት አልተሳሳተም? ጋሪው ወደ ቀኝ ሲርቅ መቆጣጠሪያው ይበልጥ ወደ ቀኝ እየገፋው ነው።

አልተሳሳተም፤ ከሁሉም በላይ መታወቅ የሚገባውም ይህ ነው። ሕጉን በቁጥር ስንጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

```
u = 12.24 x + 10.61 v + 57.90 θ + 12.81 ω
```

ለዘዌው ምልክቱ የሚጠበቀው ነው፤ ፔንዱለሙ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ጋሪው ከሥሩ ለመግባት ወደ ቀኝ ይሮጣል። ለቦታው ግን ጋሪው ከመሀል 0.5 ሜትር ወደ ቀኝ ርቆ፣ ፔንዱለሙም ቀጥ ብሎ ቆሞ ቢጀምር፣ የመጀመሪያው ትእዛዝ 6.12 ኒውተን ወደ ቀኝ ነው። ከግቡ ወደ ሚያርቀው አቅጣጫ ማለት ነው።

ምክንያቱን ለማየት መዳፍ ላይ በትር ማቆምን ማሰብ ይበቃል። በትሩን ይዞ ወደ ግራ ለመሄድ የሚፈልግ ሰው እጁን በቀጥታ ወደ ግራ ቢስብ በትሩ ወደ ቀኝ ይወድቃል። መጀመሪያ እጁን ጥቂት ወደ ቀኝ ሰንዘር ማድረግና በትሩን ወደ ግራ ማዘንበል፣ ከዚያም ያዘነበለውን በትር እየተከተለ ወደ ግራ መሄድ አለበት። ጋሪውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ የ6.12 ኒውተኑ ግፊት ፔንዱለሙን ወደ ግራ ያዘነብለዋል፣ θ አሉታዊ ይሆናል፣ ትልቁ ማባዣ 57.90 የቦታውን ቃል አሸንፎ uን አሉታዊ ያደርገዋል፣ ጋሪውም ወደ ግራ ይመለሳል።

በሂሳቡም ቢሆን ማምለጫ የለም። የፖሊኖሚያሉ የመጨረሻ ቃል የፖሎቹ ብዜት ስለሆነ፣ ሁሉም ፖሎች በግራ በኩል ካሉ፣ ማለትም እውናዊ ክፍላቸው አሉታዊ ከሆነ፣ አዎንታዊ መሆን አለበት፤ ይህ ቃል −19.6 k1 ስለሆነ ደግሞ k1 የግድ አሉታዊ ነው። ከ u ወደ x ያለው ግንኙነት በቀኝ በኩል፣ በ+4.43 ላይ ዜሮ፣ ማለትም ግንኙነቱ ባዶ የሚሆንበት የ s ዋጋ፣ አለው፤ 4.43 የ19.6 ካሬ ሥር ነው። የሁኔታ ግብረ መልስ ፖሎችን ያንቀሳቅሳል እንጂ ዜሮዎችን አያንቀሳቅስም። ስለዚህ ጋሪው መጀመሪያ ወደ ተቃራኒው የመሄዱ ጠባይ ምንም ዓይነት K ቢመረጥ አይጠፋም።

ብዙ ሰዎች ይህን ምልክት «ለማረም» ሲሉ k1ን ወደ +12.24 ይለውጡታል። ሌሎቹ ማባዣዎች እንዳሉ ሆነው ይህ ሲደረግ አንድ ፖል ወደ +0.8 አካባቢ ይሻገራል። ይህ ከ+4.64 ጋር ሲነጻጸር ዘገምተኛ ስለሆነ ስሕተቱ ወዲያው አይታይም። ፔንዱለሙ የቆመ መስሎ ለጥቂት ሰከንዶች ይቆይና ጋሪው እየፈጠነ ወደ ሐዲዱ ጫፍ ይሸሻል። ይህን ጠባይ ያየ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የ k1ን እና የ k2ን ምልክት ይመርምር።

ፖሎቹን ይበልጥ ወደ ግራ ብናርቃቸው መረጋጋቱ አይፈጥንም?

በሞዴሉ ላይ ይፈጥናል፤ ዋጋውን ግን ማየት ያስፈልጋል። አራቱንም ፖሎች በ2 ብናበዛቸው፣ ማለትም −4 ± 4j፣ −10 እና −12 ብናደርጋቸው፣ K የሚከተለው ይሆናል፦

```
K = [-195.92  -84.90  -272.74  -57.45]
```

ፍጥነቱ በ2 እጥፍ ጨምሮ የቦታው ማባዣ በ16 እጥፍ አደገ፤ ምክንያቱም የመጨረሻው ኮፊሸንት የአራት ፖሎች ብዜት ነው። ከመሀል 0.5 ሜትር ርቆ የሚጀምረው ጋሪ አሁን በመጀመሪያው ቅጽበት የሚጠይቀው 6.12 ሳይሆን 98 ኒውተን ገደማ ነው። ሞተሩ 10 ኒውተን ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ትእዛዙ ይቆረጣል፤ በተቆረጠበት ጊዜ ሁሉ ደግሞ የመረጥናቸው ፖሎች በሥራ ላይ የሉም። ግፊቱ ከግቡ በተቃራኒ አቅጣጫ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል፤ ትልቅ ማባዣ ማለት ጋሪው መጀመሪያ ወደ ተሳሳተው ጎን ይበልጥ ይሰነዝራል ማለት ነው። የፍጥነት ማባዣዎቹ ሲያድጉም የመለኪያው ጫጫታ እንዳለ ወደ ሞተሩ ይተላለፋል፤ ሞተሩ ሳይንቀሳቀስ ሲንጫጫ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

በእኔ አስተያየት ምርጫው መጀመር ያለበት ከሞተሩ አቅም ነው። ሊያጋጥም የሚችለውን ትልቁን መነሻ ስሕተት ወስዶ፣ በ K አባዝቶ፣ የሚገኘውን ጉልበት ሞተሩ ከሚሰጠው ጋር ማወዳደር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ብዙ ድካምም ያድናል። መሀል ላይ ያለውን ጋሪ በርቀት ካለ አዲስ ቦታ ድረስ ማንቀሳቀስ ሲያስፈልግም ግቡን በአንድ ጊዜ ከመቀየር ይልቅ ቀስ እያሉ ማሸጋገር ይሻላል።

በኮምፒውተር እንዴት ይረጋገጣል?

በፓይተን የሚከተለው ይበቃል፦

```python
import numpy as np
from scipy.signal import place_poles

A = np.array([[0, 1, 0, 0],
              [0, 0, -0.98, 0],
              [0, 0, 0, 1],
              [0, 0, 21.56, 0]])
B = np.array([[0], [1], [0], [-2]])
P = [-2+2j, -2-2j, -5, -6]
K = place_poles(A, B, P).gain_matrix
print(K)
print(np.linalg.eigvals(A - B @ K))
```

የመጨረሻው መስመር የተመረጡትን ፖሎች መልሶ ማሳየት አለበት። ሁለት ነገሮች ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። `place_poles` ግቤቱ አንድ ሲሆን ሁለት እኩል ፖሎችን አይቀበልም፤ −5 እና −5 ከማለት −5 እና −5.1 ማለት ችግሩን ይፈታል። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ የሚወስደው u = −Kx የሚለውን ስምምነት ነው፤ እዚህ ላይ x የጋሪውን ቦታ ብቻ ሳይሆን አራቱንም ተለዋዋጮች በአንድነት ይወክላል። ወደ ሞተሩ በሚሄደው ኮድ ላይ የመቀነስ ምልክቱ ከተረሳ ፔንዱለሙ መቆጣጠሪያ ከሌለው ይልቅ ፈጥኖ ይወድቃል። ዘዌው በራዲያን ሳይሆን በዲግሪ ከገባ ደግሞ የዘዌው ማባዣ ሳይታሰብ 57 እጥፍ ያድጋል፤ ሞተሩም በትንሽ ማዘንበል ከዳር እስከ ዳር ይመታል።

አራቱንም ተለዋዋጮች መለካት ያስፈልጋል?

ሕጉ አራቱንም ይጠቀማል፤ ብዙውን ጊዜ የሚለኩት ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው፦ x በሞተሩ ኢንኮደር፣ θ ደግሞ በማጠፊያው ላይ ባለ ኢንኮደር። ፍጥነቶቹ ከተከታታይ ንባቦች ልዩነት ይሰላሉ፣ ከዚያም ይጣራሉ። ማጣሪያው መዘግየት ያመጣል፤ ማዘንበል በ0.15 ሰከንድ እጥፍ በሚሆንበት ሥርዓት ውስጥ የጥቂት መቶኛ ሰከንድ መዘግየትም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም።

ፔንዱለሙ ቆሟል፤ ጋሪው ግን ሁልጊዜ ከመሀሉ ወደ አንድ ጎን ርቆ ይቆማል። ለምን?

በአብዛኛው ምክንያቱ የዘዌው ሴንሰር ዜሮ ትክክል አለመሆኑ ነው። ሴንሰሩ ፔንዱለሙ ፍጹም ቀጥ ብሎ ሳለ 1 ዲግሪ፣ ማለትም 0.01745 ራዲያን ወደ ቀኝ ያነብባል እንበል። ሥርዓቱ በረጋ ጊዜ እውነተኛው ዘዌ ዜሮ፣ ጉልበቱም ዜሮ መሆን አለባቸው፤ ስለዚህ 12.24 x + 57.90 × 0.01745 = 0 ይሆናል። ከዚህ x = −0.083 ሜትር ይገኛል። ጋሪው ከመሀሉ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ግራ ይቆማል ማለት ነው። በፈጣኑ K ያው ስሕተት የሚያስከትለው 2.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ለትልቅ ማባዣ ሊነገር ከሚችለው መልካም ነገር አንዱ ይህ ነው።

የተሻለው መፍትሔ ግን ማባዣ ማሳደግ ሳይሆን ይህንኑ ስሌት ወደ ኋላ መጠቀም ነው። ጋሪው የቆመበትን ርቀት ከነምልክቱ ለክቶ በ−12.24/57.90 ማባዛት የሴንሰሩን ስሕተት በቀጥታ ይሰጣል፤ ያን ቁጥር ከንባቡ መቀነስ ይበቃል። ጋሪው በአንድ ቦታ ከመቆም ይልቅ በመሀሉ ዙሪያ ወዲያና ወዲህ በዝግታ የሚመላለስ ከሆነ ግን ተጠያቂው ሌላ ነው፦ ሞዴሉ የተወው የሐዲዱ ደረቅ ሰበቃ። ትንሽ ጉልበት ጋሪውን ስለማያነቃንቀው ፔንዱለሙ ጥቂት እስኪያዘነብል ድረስ ምንም አይሆንም፤ ከዚያ ጋሪው በድንገት ይላቀቅና ያልፋል። ፖሎችን በመቀያየር ይህ አይጠፋም፤ ሰበቃውን መቀነስ ወይም በእንቅስቃሴው አቅጣጫ ማካካሻ ጉልበት መጨመር ያስፈልጋል።

ፔንዱለሙ ከምን ያህል ማዘንበል ድረስ ይመለሳል?

ወሰኑን የሚያበጁት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የመስመራዊው ሞዴል ትክክለኛነት ነው፤ በ0.5 ራዲያን ላይ በ θ እና በሳይን θ መካከል ያለው ልዩነት 4 በመቶ ገደማ ስለሆነ ይህ ወሰን ብዙዎች ከሚፈሩት የላላ ነው። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚቀድመው የሞተሩ አቅም ነው። በመስመራዊው ሞዴል ላይ የሚያድገው እንቅስቃሴ በ θ + ω/4.64 ይለካል፤ ሞተሩ ከ±U ኒውተን በላይ መስጠት የማይችል ከሆነ ይህ መጠን ከ 2U/21.56 ሲያልፍ የትኛውም የቁጥጥር ሕግ ሊመልሰው አይችልም። U 2 ኒውተን ብቻ ቢሆን ወሰኑ 0.186 ራዲያን፣ ማለትም 10.6 ዲግሪ ነው። ፔንዱለሙ ከመቆም ተነሥቶ ሳይሆን እየወደቀ ሳለ ከተያዘ፣ የ ω ቃል ከዚህ ውስጥ ድርሻውን ስለሚወስድ የሚፈቀደው ዘዌ ይበልጥ ያንሳል። በሌላ በኩል በወሰኑ ውስጥ መሆን ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ የተቆረጠ ትእዛዝ ያለው የሁኔታ ግብረ መልስ ከዚህ ጠባብ ከሆነ ክልል ብቻ ሊመልስ ይችላል፤ የሐዲዱ ርዝመትም ከዚያ በፊት ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ K ከተሰላ በኋላ ሳይንና ኮሳይን ያሉበትን ሙሉ ሞዴል፣ የ u ገደብና የሐዲዱን ጫፍ ጨምሮ፣ ከተለያዩ መነሻ ዘዌዎች በማስመሰያ መሞከርና ፔንዱለሙ የማይመለስበትን ዘዌ ማግኘት ያስፈልጋል።